8.86 ወይስ 9.21? ያረጀ የፒኤች ኤሌክትሮድ በሁለት ባፈር ሲፈተን



ባለፈው ሴሚስተር አራት ሆነን በሠራነው የላቦራቶሪ ሥራ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣ የፍሳሽ ናሙና ለክተን ነበር። ሜትራችን 8.86 አለ። ብዙዎቹ የፍሳሽ ደረጃዎች ፒኤች ከ6 እስከ 9 እንዲሆን ስለሚጠይቁ «በደረጃው ውስጥ ነው» ብለን ጻፍንና አራታችንም ፈረምን። ከጎናችን ያለው ቡድን ግን ከዚያው ጀሪካን ቀድቶ፣ በዚያው ሰዓት ለክቶ 9.2 አገኘ። የእነሱ ቁጥር ልክ ከሆነ ፍሳሹ ከደረጃው ውጪ ነው፤ እኛ የፈረምነው ወረቀትም ሐሰት ነው። ሆን ብለን አልዋሸንም፤ ነገር ግን ፊርማ አማና ነውና የማን ሜትር እንደተሳሳተ ሳናውቅ ወደ ዶርም መመለስ አልሆነልንም። ዐስርን ሰግደን ተመለስንና ኤሌክትሮዳችንን መመርመር ጀመርን። ያን ቀን የተማርነውን ነው በዚህ እትም የምናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ከመለካታችን በፊት «ካሊብሬት አድርገናል» ብለን ነበር። አዎ፣ አድርገናል፤ ግን በአንድ ባፈር ብቻ፣ በፒኤች 7። ኤሌክትሮዱን ባፈሩ ውስጥ ነክረን CAL የሚለውን ቁልፍ ተጫንን፣ ስክሪኑ 7.00 አለ፣ በቃን። ጥፋቱ የተደበቀው እዚህ ላይ ነው። እንዴት እንደተደበቀ ለማየት ግን ኤሌክትሮዱ በትክክል የሚለካው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሮዱ ምን ይለካል?

የመስታወት ኤሌክትሮድ ፒኤችን በቀጥታ አያውቅም። የሚያውቀው ቮልቴጅ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ክብ መስታወት እጅግ ስስ ናት፤ ውሃ ሲነካት ውጫዊ ገጿ ውሃ ጠጥቶ እንደ ስስ ጄል ይሆናል፣ በፈሳሹ ውስጥ ካሉት የሃይድሮጅን አዮኖች ጋርም ይለዋወጣል። በውስጧ የታሸገው ፈሳሽ ፒኤቹ ወደ 7 የተጠጋና የማይለወጥ ነው። ስለዚህ ውጪ ያለው ፈሳሽም 7 ሲሆን በመስታወቷ ግራና ቀኝ ልዩነት የለም፣ ቮልቴጁም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ውጪው አሲድ ሲሆን ቮልቴጁ ወደ ፖዘቲቭ፣ ቤዝ ሲሆን ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል።

ቮልቴጅ ለመለካት ሁለት ጫፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጫፍ ሪፈረንስ የሚባለው ነው፤ በብር ክሎራይድ የተለበጠ የብር ሽቦ በፖታሺየም ክሎራይድ መፍትሔ ውስጥ ተቀምጦ። ይህ መፍትሔ ጃንክሽን በሚባል ትንሽ ባለ ቀዳዳ ሴራሚክ በኩል በጣም በቀስታ ወደ ናሙናው ይወጣና ሰርኪዩቱን ይዘጋል። በእኛ ላቦራቶሪ ያሉት ኤሌክትሮዶች ሁለቱም በአንድ ቱቦ ውስጥ የተሠሩ ስለሆኑ አንድ ዕቃ ይመስላሉ። ሲያረጁ ግን ሁለት ዕቃ መሆናቸው ይታወቃል። መስታወቷ በራሷ መንገድ ታረጃለች፣ ሪፈረንሱም በራሱ።

የቮልቴጁና የፒኤቹ ግንኙነት ቀጥታ መስመር ነው፦

```
E = E0 - S x (pH - 7)
```

እዚህ ላይ E የምናነበው ሚሊቮልት ነው። E0 በፒኤች 7 ላይ የሚነበበው ሲሆን ኦፍሴት እንለዋለን። S ደግሞ ፒኤች በአንድ ሲለወጥ ቮልቴጁ በስንት እንደሚለወጥ የሚነግረን ስሎፕ ነው። በኔርንስት ሕግ መሠረት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፍጹም የሆነ ኤሌክትሮድ ስሎፑ 59.16 ሚሊቮልት፣ ኦፍሴቱ ዜሮ ነው። 59.16 ፋብሪካ የመረጠው ቁጥር አይደለም፤ ከተፈጥሮ ሕግ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ኤሌክትሮድ ከእሱ ጋር ማነጻጸር እንችላለን።

ሁለቱን ለመለየት የገበያ ሚዛን አስቡ። አንደኛው ችግር ምንም ሳይጫንበት አንዱ ሰሐን ዝቅ ማለቱ ነው። ሽንኩርትም ተመዘነ ሥጋ፣ ትንሽም ተመዘነ ብዙ፣ ስሕተቱ እኩል ነው። ኦፍሴት ይህ ነው። ሁለተኛው ችግር የኪሎው ድንጋይ መፋቁ ነው። ባዶውን ሚዛን ስታዩት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ምንም አይጠረጠርም፤ አምስት ኪሎ ስትገዙ ግን የተወሰደባችሁ አንድ ኪሎ ከገዛው ሰው አምስት እጥፍ ነው። ስሎፕ ይህ ነው። እኛ በፒኤች 7 ባፈር ብቻ ካሊብሬት ስናደርግ ባዶውን ሚዛን አስተካከልን እንጂ ድንጋዩን አላየንም።

በሚሊቮልት መፈተን

ስለዚህ ሜትሩን ከፒኤች ወደ ሚሊቮልት ቀየርነው። ይህ ለምርመራ ዋናው ነገር ነው። በፒኤች ላይ ሆኖ CAL ሲጫኑ ሜትሩ የኤሌክትሮዱን ጉድለት በሒሳብ ሸፍኖ ጥሩ ቁጥር ያሳያል፤ አንዳንዱ ርካሽ ሜትር ምንም ያህል የተበላሸ ኤሌክትሮድ ቢሰጡት ሳያጉረመርም ይቀበላል። በሚሊቮልት ላይ ግን የሚታየው ኤሌክትሮዱ ራሱ የሚለው ነው።

ባፈሮቹንና ናሙናውን 25 ዲግሪ ባለው የውሃ መታጠቢያ ውስጥ አስቀምጠን አንድ ዓይነት ሙቀት እስኪኖራቸው ጠበቅን። ከጠርሙሱ ወደ ትንሽ ቢከር ጥቂት ቀዳን፤ የተጠቀምንበትን ወደ ጠርሙሱ አንመልስም፣ ምክንያቱም ከኤሌክትሮዱ ላይ የሚንጠባጠብ አንድ ሁለት ጠብታ ቀሪውን ያበላሻል። የመሙያ ቀዳዳውን ክዳን ከፈትን፤ ተዘግቶ ከቆየ ፖታሺየም ክሎራይዱ በጃንክሽኑ በኩል አይወጣም፣ ንባቡም ይንሸራተታል። ኤሌክትሮዱን በዲስቲልድ ውሃ አጥበን በሶፍት ነካ ነካ አድርገን አደረቅነው። አልፈተግነውም፤ መፈተግ ስስዋን መስታወት ይጭራል፣ ስታቲክ ቻርጅም ይፈጥርባታል። ከዚያ ጃንክሽኑ ጭምር እስኪሰጥም ነከርነው፣ በቀስታ እያማሰልን ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቅን።

በ7.00 ባፈር ውስጥ የተነበበው +18 ሚሊቮልት ነው። ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። በተለምዶ እስከ 30 ሚሊቮልት በላይም በታችም ይታገሡታል፤ አዲስ ኤሌክትሮድ ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ቀጥለን አጥበን በ10.01 ባፈር ውስጥ ነከርነው። 10ን የመረጥነው ናሙናችን ከ7 በላይ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱ ባፈሮች ናሙናውን ከግራና ከቀኝ ይዘው መሐላቸው ማስገባት አለባቸው። ቁጥሩ ለመርጋት ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ጤነኛ ኤሌክትሮድ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይረጋል፤ ይህ መዘግየት ራሱ የመጀመሪያው ምስክር ነበር። በመጨረሻ −132 ላይ ቆመ።

```
S = (18 - (-132)) / (10.01 - 7.00)
S = 150 / 3.01 = 49.8 mV
49.8 / 59.16 = 84 %
```

ሰማንያ አራት በመቶ! ጥሩ ኤሌክትሮድ ከ95 በመቶ በላይ ነው፤ ከ90 በታች የወረደውን ማጽዳት ወይም መተካት የተለመደ ነው። ናሙናውን ወዲያው በሚሊቮልት ለካነው፣ −92 አነበበ። አሁን ሁለቱንም ሒሳብ አሠራነው። በአንድ ባፈር ብቻ የተስተካከለ ሜትር ስሎፑ ፍጹም ነው ብሎ ስለሚገምት 110 ሚሊቮልቱን (ከ+18 እስከ −92) ለ59.16 ያካፍላል፣ 1.86 ያገኛል፣ 8.86 ይላል። የእኛ ቁጥር ይኸው ነው። በእውነተኛው ስሎፕ ስናካፍለው ደግሞ 110 ለ49.8 ሲካፈል 2.21፣ ማለትም ፒኤቹ 9.21 ነው። የጎረቤቶቻችን ቁጥር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ናሙናው የቧንቧ ውሃ ሆኖ ፒኤቹ 7.4 ቢሆን ኖሮ ያው የተበላሸ ኤሌክትሮድ 7.34 ይለን ነበር። ማንም አይጠራጠርም። ባለፈው ዓመት በዚሁ ኤሌክትሮድ የመጠጥ ውሃ የለኩ ቡድኖች ምንም ሳይገጥማቸው የቀረው ለዚህ ይመስለናል። የስሎፕ ስሕተት ከ7 በራቃችሁ ቁጥር እያደገ የሚሄድ ነው።

ኤሌክትሮዱ ነው ወይስ ባፈሩ?

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ (ሁልጊዜ «ቆይ» የሚል አንድ ሰው በየቡድኑ አይጠፋም) «ባፈሩ ቢሆንስ?» አለ። ልክ ነበር። የ10 ባፈር ጠርሙስ በተከፈተ ቁጥር ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጣል፣ ፒኤቹም ቀስ በቀስ ይወርዳል። ጠርሙሱ ላይ 10.01 ተጽፎ ውስጡ 9.8 ሆኖ ከሆነ፣ ፍጹም ጤነኛ የሆነው ኤሌክትሮድ እንኳ 93 በመቶ ብቻ ይመስላል። ስንት ደህና ኤሌክትሮድ በባፈር ጥፋት ተጥሎ ይሆን?

መለያው ቀላል ነው፤ በሌላው ወገን መሞከር። የ4.01 ባፈር ከአየር ጋር እንደ 10 አይጣላም። ነከርነው፣ +167 አነበበ። ከ167 ላይ 18 ሲቀነስ 149፤ ለ2.99 ሲካፈል 49.8። በአሲዱም በቤዙም ወገን ስሎፑ አንድ ነው። የ10 ባፈሩ ቢሆን ኖሮ የተበላሸው፣ በ4 በኩል ያለው ስሎፕ ጤነኛ ሆኖ በ10 በኩል ያለው ብቻ ይወርድ ነበር። በሁለቱም ወገን እኩል ስለወረደ ጥፋቱ የኤሌክትሮዱ ነው። የ7ቱ ባፈር ቢሆንስ የተበላሸው? ያኔ አንዱ ወገን ሲያጥር ሌላው ይረዝም ነበር፤ ነጥቡ በመሐል ስለሆነ።

ሌላው ወጥመድ ሙቀት ነው። ስሎፑ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ በ0.2 ሚሊቮልት ያህል ይለወጣል። ጠዋት ላቦራቶሪው ሲቀዘቅዝና ባፈሩ 18 ዲግሪ ሲሆን ፍጹሙ ስሎፕ 57.8 ነው እንጂ 59.16 አይደለም። ይህን ረስቶ ከ59.16 ጋር ያነጻጸረ ሰው ጤነኛውን ኤሌክትሮድ 97.7 በመቶ ነው ይለዋል። የባፈሩ ፒኤች ራሱም በሙቀት ይለወጣል፤ ሠንጠረዡ ጠርሙሱ ላይ ተለጥፏል፣ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እኛም ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብነው።

ምኑ ነው ያረጀው?

አሁን ሁለት ቁጥር አለን፦ ኦፍሴት +18፣ ስሎፕ 84 በመቶ። ሁለቱ የሚመጡት ከተለያየ ቦታ ነው።

የወረደ ስሎፕ አብዛኛውን ጊዜ የመስታወቷ ችግር ነው። የፍሳሽ ዘይትና ቀለም ገጿን ሲሸፍናት፣ ደርቃ ስትቀመጥ፣ ወይም ጠንካራ ቤዝ ለረጅም ጊዜ ሲበላት የሃይድሮጅን አዮኖችን የምትቀበልበት ገጽ ይዳከማል። ሽፋን ከሆነ ይጸዳል፤ መስታወቷ ራሷ ካረጀች ግን አይመለስም። የተዛነፈ ኦፍሴት በአብዛኛው ከሪፈረንሱ ይመጣል። ናሙናው በጃንክሽኑ በኩል ወደ ውስጥ ገብቶ ፖታሺየም ክሎራይዱን ያቀጥነዋል ወይም ይበክለዋል፤ ጃንክሽኑም ሊደፈን ይችላል። የተደፈነ ጃንክሽን ሌላም ምልክት አለው፦ ማማሰያውን ስታቆሙና ስታስነሡ ቁጥሩ ይዘላል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የምትለኩ ደግሞ ጃንክሽኑ ቢጠቁር አይግረማችሁ፤ በፍሳሹ ያለው ሰልፋይድ ከብሩ ጋር ተገናኝቶ ጥቁር ብር ሰልፋይድ ይሠራል።

በሁለቱም ባፈሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚያነብ ኤሌክትሮድ ከገጠማችሁ ግን ይህ እርጅና አይደለም። ወይ መስታወቷ ተሰንጥቃለች፣ ወይ ኬብሉ ነው። ጊዜ አታጥፉበት።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚድን ለማወቅ በየተራ ሠራናቸው። መጀመሪያ መስታወቷን ዘይት በሚያወጣ ለስላሳ የሳሙና ውሃ አጠብናት፣ ከዚያ በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ 20 ደቂቃ ዘፈዘፍናት። ጓንትና መነጽር አድርገን ነው፤ ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ የላቦራቶሪ ኃላፊያችን አይምሩንም። ቀጥለን የሪፈረንሱን አሮጌ ፈሳሽ በሲሪንጅ መጠን አወጣነው። ቀለሙ ትንሽ ደፍርሶ ነበር። በአዲስ 3 ሞላር ፖታሺየም ክሎራይድ አጠብነውና እስከ መሙያ ቀዳዳው አጠገብ ሞላነው፤ በምንለካበት ጊዜ የውስጡ ፈሳሽ ከናሙናው ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ አለዚያ ፍሰቱ ወደ ውስጥ ይሆናል። ሌሊቱን በዚያው 3 ሞላር ፖታሺየም ክሎራይድ ውስጥ ተዘፍዝፎ አደረ።

በማግሥቱ በ7.00 ላይ +5፣ በ4.01 ላይ +164 አነበበ። ኦፍሴቱ ከ18 ወደ 5 ወርዷል፤ ሪፈረንሱ ድኗል ማለት ነው። ስሎፑ ግን 159 ለ2.99፣ 53.2 ሚሊቮልት፣ 90 በመቶ። ከ84 ተሻሽሏል፤ የተሻሻለው ሽፋኑ ነው፣ የቀረው የመስታወቷ እርጅና ነው። ሁለተኛ ጊዜ ብናጸዳውም አልጨመረም።

«በሁለት ባፈር ካሊብሬት ካደረግነው ሜትሩ 90 በመቶውን ራሱ ያስተካክለው የለም ወይ?» ብለን ተከራከርን። በእርግጥ ያስተካክላል፤ ለዚያ ሰዓት። የ84 በመቶው ንባብ እንኳ በትክክለኛው ስሎፕ ሲሰላ 9.21 እንደሰጠን አይታችኋል። ችግሩ ያረጀ መስታወት ስሎፑ ረግቶ አይቀመጥም። በዚያው ቀን ከዙህር በኋላ ደግመን ስንለካ 52.1 ሆኖ አገኘነው። በጠዋቱ ካሊብሬሽን የከሰዓቱን ናሙና ብንለካው፣ ለ9.2 ናሙና 9.15 ያህል ይለን ነበር፤ ያም ራሱ በየሰዓቱ እየሰፋ ይሄዳል። በየናሙናው መሐል ካሊብሬት እያደረጉ መሥራት ይቻላል፣ ለአንድ ቀን የግድ ከሆነ። ለሴሚስተር ግን አይሆንም።

ብዙ ኤሌክትሮዶች ወደዚህ የሚደርሱት በአቀማመጥ ነው። የእኛው በዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፣ «ንጹሕ ውሃ ነው» ተብሎ። ንጹሕ መሆኑ ነው ጥፋቱ፤ አዮኖችን ከመስታወቷ ጄልና ከሪፈረንሱ እየሳበ ያወጣል። አሁን ክዳኗ ውስጥ 3 ሞላር ፖታሺየም ክሎራይድ አድርገን ነው የምናስቀምጠው።

ሪፖርቱን በተመለከተ፣ 8.86ን በአንድ መስመር ሰርዘን፣ የተሰረዘው እንዲነበብ ትተን፣ ከጎኑ 9.21 እና «ከደረጃው ውጪ» ብለን ጽፈን፣ ምክንያቱን በአጭሩ አስፍረን አራታችንም ድጋሚ ፈረምን። ኃላፊው አዲስ ኤሌክትሮድ አወጡልን። ከሜትሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል፤ ቀን፣ ሙቀት፣ በ7 ላይ የተነበበው፣ በ4 ላይ የተነበበው፣ የስሎፑ በመቶኛ። ሜትሩን የሚነካ ሁሉ አንድ መስመር ይጨምርበታል። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ 25 ዲግሪ፣ −3፣ +173፣ 99.5 በመቶ።